77 በመቶ አሸንፎ የከሰረው ሰው፦ የአንድ ወር ግብይት ሂሳብ

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ደብተር ነው። ደብተሩ የወዳጄ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ይኖራል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ በትርፍ ሰዓቱ በአሜሪካ ገበያ አክሲዮን ይገዛል፣ ጥቂት ቀን ይዞ ይሸጣል። ስሙን እስካልጠራሁ ድረስ ደብተሩን እንዳሳያችሁ ፈቅዶልኛል። እኔ በሙያዬ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ገበያው ነገ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ዛሬም ስለዚያ አልናገርም። የማውቀው የተጻፈ ቁጥርን ማንበብ ነው።

ወዳጄ ደብተሩን ይዞ የመጣው አንድ ጥያቄ ስላስጨነቀው ነበር። «በዚህ ወር 77 በመቶ አሸንፌአለሁ፤ ታዲያ ሂሳቤ ለምን ቀነሰ? ብሮከሩ እየሰረቀኝ ይሆን?» አለኝ። ወሩን በ10,000 ዶላር ጀምሮ በ9,835 ጨርሷል። ገንዘብ አልጨመረም፣ አላወጣም። የጎደለው 165 ዶላር ነው። ለሚነግድ ሰው ትልቅ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከአራት ጊዜ ሦስት ጊዜ በላይ አሸነፍኩ የሚል ሰው መክሰሩ መልስ የሚያስፈልገው ነገር ነው። እኔም ጠረጴዛ ላይ ዘርጋልኝ አልኩትና አብረን ተቀመጥን።

ደብተሩ መልካም ደብተር ነበር። በወሩ ውስጥ የተዘጉት 20 ግብይቶች እያንዳንዳቸው አንድ መስመር አላቸው፤ የተገዛበት ቀን፣ የአክሲዮኑ ስም፣ ብዛቱ፣ የተገዛበት ዋጋ፣ ስቶፕ ሎስ የተቀመጠበት ዋጋ፣ ሊሸጥ ያሰበበት ዋጋ፣ በመጨረሻ የተሸጠበት ዋጋና ውጤቱ በዶላር። በእያንዳንዱ ግብይት ቢበዛ 100 ዶላር ገደማ ለማጣት ወስኖ ነው የሚገባው። ስቶፑንና ሊሸጥ ያሰበበትን ዋጋ የጻፈው ከመግዛቱ በፊት መሆኑ በኋላ በጣም ጠቅሞናል።

መጀመሪያ የማሸነፍ መጠኑን አየን፤ ነጋዴዎቹ ዊን ሬት የሚሉትን። ያሸነፉትን ግብይቶች ቆጥሮ ለጠቅላላው ማካፈል ነው፤ ከዚህ የቀለለ ሂሳብ የለም። ወዳጄ ግን እንዲህ አላደረገም። በየሳምንቱ መጨረሻ የሳምንቱን መቶኛ እያሰላ ጽፏል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ3 ግብይት 3ቱን አሸነፈ፣ 100 በመቶ። በሁለተኛው ከ7 አምስቱን፣ 71 በመቶ። በሦስተኛው ከ8 ሦስቱን፣ 37 ተኩል በመቶ። በአራተኛው ከ2 ሁለቱንም፣ እንደገና 100 በመቶ። በወሩ መጨረሻ አራቱን መቶኛዎች ደምሮ ለአራት አካፈለና 77 አገኘ።

ስህተቱን አያችሁት? ሁለት ግብይት ብቻ ያለበት ሳምንት ስምንት ግብይት ካለበት ሳምንት ጋር እኩል ድምፅ አገኘ። ሦስተኛው ሳምንት ብዙ የነገደበትና ክፉኛ የተመታበት ነበር፤ በዚህ አሠራር ግን ክብደቱ ጠፋ። ትክክለኛው ሳምንቱን ረስቶ መስመሮቹን መቁጠር ነው፤ 3 ሲደመር 5 ሲደመር 3 ሲደመር 2፣ አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት ለሃያ፣ 65 በመቶ። የመቶኛዎች አማካይ ከመቶኛው ጋር አንድ የሚሆነው ሳምንቶቹ እኩል ግብይት ሲኖራቸው ወይም በየሳምንቱ የማሸነፍ መጠኑ አንድ ሲሆን ነው፤ ያ ደግሞ እምብዛም አይገጥምም። ይህን ስህተት በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ውስጥም አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ወዳጄን አልወቀስኩትም።

ቀጥለን ድሎቹን ለብቻ ደመርን። 42፣ 55፣ 38፣ 61፣ 70፣ 45፣ 52፣ 48፣ 66፣ 35፣ 58፣ 80፣ 65። ድምራቸው 715 ዶላር ነው፤ ለ13 ሲካፈል አማካይ ትርፉ 55 ዶላር ይሆናል። ኪሳራዎቹ ሰባት ናቸው፤ 100፣ 95፣ 104፣ 98፣ 102፣ 110 እና 231። ድምራቸው 840 ነው፤ ለ7 ሲካፈል አማካይ ኪሳራው 120 ዶላር ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ትርፉን የምናካፍለው ላሸነፉት ብቻ ነው፣ ኪሳራውንም ለከሰሩት ብቻ። ሁለቱንም ለሃያ የሚያካፍል ሰው ሌላ ነገር እየለካ ነው።

ወዳጄ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሲያሸንፍ 55፣ ሲከስር 120። አንድ ኪሳራ ለመሸፈን 120ን ለ55 እናካፍል፤ 2.18 ድል ያስፈልገዋል። እሱ ያገኘው ግን ለሰባት ኪሳራ 13 ድል ነው፤ ለአንድ ኪሳራ 1.86 ድል ብቻ። የጎደለው እዚያ ነው። ብሮከሩ አልሰረቀውም።

አሁን አራተኛው ቁጥር፣ ኤክስፔክታንሲ። ቃሉ ከባድ ቢመስልም ጥያቄው ቀላል ነው፤ በዚህ አካሄድ ብዙ ጊዜ ብነግድ ከአንድ ግብይት በአማካይ ስንት እጠብቃለሁ? በመቶ ግብይት እናስበው። በዚሁ መጠን ከቀጠለ ከመቶው 65 ጊዜ ያሸንፋል፣ በእያንዳንዱ 55 ዶላር፤ 3,575 ዶላር ይገባል። 35 ጊዜ ይከስራል፣ በእያንዳንዱ 120 ዶላር፤ 4,200 ዶላር ይወጣል። ልዩነቱ ከዜሮ በታች 625 ነው። ለመቶው ሲካፈል በአንድ ግብይት 6 ዶላር ከ25 ሳንቲም ኪሳራ። ቀመሩ ይኸው ነው፤ የማሸነፍ መጠን ሲባዛ በአማካይ ትርፍ፣ ከዚያ ላይ የመክሰር መጠን ሲባዛ በአማካይ ኪሳራ ይቀነሳል።

የዚህ ቁጥር ትልቁ ጥቅም ራሱን በራሱ መመርመር መቻሉ ነው። ኤክስፔክታንሲውን በግብይቶቹ ብዛት አባዙት፤ የሂሳቡ ለውጥ መውጣት አለበት። በ77 በመቶው ብናሰላ ለእያንዳንዱ ግብይት ወደ 15 ዶላር ትርፍ፣ ለሃያው ወደ 300 ዶላር ትርፍ ይሰጠን ነበር። የብሮከሩ ወረቀት ደግሞ 165 ኪሳራ ይላል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታመነው ወረቀቱ ነው፤ ስህተቱ ያለው እኛ ጋ ነው። በ65 በመቶው ስናሰላ ደግሞ 6.25 በ20፣ 125 ዶላር ኪሳራ ይመጣል። ቀርበናል፤ ግን አሁንም 40 ዶላር ይጎድላል።

ያቺን 40 ዶላር ፍለጋ ሩብ ሰዓት ፈጀን። ያገኘናት በብሮከሩ ወርኃዊ መግለጫ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው፤ ሲገዛ 1 ዶላር፣ ሲሸጥ 1 ዶላር ኮሚሽን። ሃያ ግብይት በ2 ዶላር፣ ልክ 40። ደብተሩ የዋጋውን ልዩነት ብቻ ነው የመዘገበው። አገልግሎቱን ያለ ኮሚሽን የሚሰጡ ብሮከሮች በአሜሪካ ብዙ ናቸው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ወዲህ። የወዳጄ ግን ያስከፍላል፤ ይህም በድብቅ ሳይሆን በጽሑፍ የተነገረው ነው። ኮሚሽኑ ሲገባ አማካይ ትርፉ ወደ 53 ይወርዳል፣ አማካይ ኪሳራው ወደ 122 ይወጣል፣ ኤክስፔክታንሲው 8 ዶላር ከ25 ሳንቲም ኪሳራ ይሆናል። በ20 ሲባዛ 165። አሁን ደብተሩና መግለጫው ሳንቲም ሳይጎድል ተስማሙ።

በዚህ ሥራ ላይ ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚያደናግር አንድ ጉዳይ አለ። ወሩ ሲያልቅ ገና ያልተሸጠ አክሲዮን በእጅ ካለ፣ በመግለጫው ላይ ያለው ጠቅላላ ዋጋ የእሱን መውጣትና መውረድ ይጨምራል፤ ደብተሩ ግን የተዘጉትን ብቻ ነው የሚያውቀው። ያን ጊዜ ሁለቱ አይስማሙም፤ ስህተትም የለም። ክፍት ያለውን ለብቻው ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ለወዳጄ ግን የወሩ የመጨረሻ ቀን በእጁ ምንም ስላልነበረ ከዚህ ተረፍን።

ኮምፒውተር ላለው ሰው ሥራው አራት መስመር ነው። ከኮሚሽን በኋላ የተጣራው ውጤት በ`F` ዓምድ፣ ከ2ኛው እስከ 21ኛው መስመር ተጽፎ ከሆነ በኤክሴል እንዲህ ይሰላል፦

```
=COUNTIF(F2:F21,">0")/COUNT(F2:F21)
=AVERAGEIF(F2:F21,">0")
=AVERAGEIF(F2:F21,"<0")
=AVERAGE(F2:F21)
```

የመጀመሪያው የማሸነፍ መጠኑን፣ ሁለተኛው አማካይ ትርፉን፣ ሦስተኛው አማካይ ኪሳራውን ከነመቀነስ ምልክቱ፣ አራተኛው ኤክስፔክታንሲውን ይሰጣል። አራተኛውን አስተውሉ፤ የሁሉም ውጤቶች ተራ አማካይ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ታዲያ ሦስቱን ለምን እንደክማለን? አማካዩ ብቻውን «ትከስራለህ» ይላል፤ በየት በኩል እንደሚፈስ ግን አይናገርም። ሦስቱ የሚያሳዩት የሚፈስበትን ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳውን ለማየት ወደ መስመሮቹ መመለስ ያስፈልጋል። ዓይን የሚስበው 231 ነው። ሌሎቹ ስድስት ኪሳራዎች በ95 እና በ110 መካከል ናቸው፤ እንደታሰበው። ይህኛው ብቻ ከእጥፍ በላይ ነው። መስመሩን አነበብኩት፤ 33 አክሲዮን በ64 ዶላር ተገዛ፣ ስቶፕ ሎስ 61 ላይ፣ ማለትም ሊያጣ የፈቀደው 99 ዶላር ነው። የተሸጠበት ዋጋ 57። ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ነበር፤ «ወደ 59 አወረድኩት»፣ ከሥሩ ደግሞ «ወደ 57»። ዋጋው ወደ ስቶፑ ሲጠጋ፣ ይመለሳል በሚል ተስፋ ስቶፑን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ገፋው።

ስቶፑን ባይነካ ኖሮ ያ ኪሳራ 231 ሳይሆን 99 ይሆን ነበር፤ 132 ዶላር ይተርፋል። ኮሚሽኑን ጨምሮ የወሩ ውጤት ከ165 ኪሳራ ወደ 33 ኪሳራ ይወርድ ነበር። አንድ ውሳኔ የወሩን ኪሳራ ከአምስት እጅ አራቱን ይዞ ነበር ማለት ነው። ወዳጄ እዚህ ላይ ተንፍሶ «እንግዲያው ችግሬ ይህ አንድ ግብይት ነው» አለ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ያን ሁሉ አስተካክሎም ውጤቱ ከዜሮ በታች 33 ነው። መጥፎውን መስመር ሰርዞ በቀሩት መርካት ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው፤ ስቶፑን የገፋው እጅ በሚቀጥለውም ወር የእሱ እጅ ነውና።

ሁለተኛው ቀዳዳ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ስለሆነ ነው ያልታየው። ዘጠነኛውን ድል እንመልከት። 50 አክሲዮን በ41.20 ገዛ፤ ስቶፑ 39.20፣ ሊሸጥ ያሰበው በ44.20። 100 ዶላር ለማጣት ፈቅዶ 150 ለማግኘት ማለት ነው፤ መልካም ዕቅድ። የሸጠው ግን በ42.52 ነው፤ 66 ዶላር። ለምን አልኩት። «ትርፍ ላይ ነበርኩ፤ እንዳይመለስብኝ ፈራሁ» አለኝ። 13ቱን ድሎች አንድ በአንድ አየን፤ ሁሉም ከታሰበው ዋጋ በፊት የተሸጡ ናቸው። አንዱም አልደረሰም። ሲከስር እስከ መጨረሻው ይታገሣል፣ ሲያተርፍ አይታገሥም። 55ን እና 120ን የፈጠረው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ታግሼ ቢሆን 150፣ 150 እያገኘሁ 65 በመቶ አሸንፍ ነበር» ማለት አይቻልም። ዋጋው 44.20 እስኪደርስ ከጠበቁት ግብይቶች አንዳንዶቹ ተመልሰው ስቶፑን ይመታሉ፤ ያን ጊዜ ዊን ሬቱ ይወርዳል። ሦስቱ ቁጥሮች የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ስትስብ ሌላው ይከተላል። የማሸነፍ መጠን ብቻውን የማይናገረውም ለዚህ ነው። ከሃያ ግብይት ስምንቱን ብቻ የሚያሸንፍ፣ ግን ሲያሸንፍ በአማካይ 210፣ ሲከስር 95 የሆነ ሰው 40 በመቶ አሸናፊ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ግን 540 ዶላር አትርፏል። ወዳጄ በ65 በመቶ ከስሯል። በካፌ ስንገናኝ «ስንት በመቶ ታሸንፋለህ?» ብለን የምንጠያየቀው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው።

በዶላር መለካታችን ለዚህ ደብተር በቂ የሆነው በሁሉም ግብይት የፈቀደው ሪስክ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። መጠኑን የሚቀያይር ሰው ግን በዶላር ብቻ ከለካ ይሳሳታል። አንዱን በ50 ዶላር ሪስክ ገብቶ 100 አተረፈ፣ ሌላውን በ200 ዶላር ሪስክ ገብቶ 200 ከሰረ እንበል። በዶላር 100 ከስሯል። እያንዳንዱን በፈቀደው ሪስክ ብናካፍል ግን የመጀመሪያው የሪስኩን እጥፍ አምጥቷል፣ ሁለተኛው አንድ ሪስክ አጥቷል፤ ምርጫው መልካም ነበር፣ የተበላሸው መጠኑ ነው። ይህን አለካክ በሰፊው ያስተዋወቀው ቫን ታርፕ የተባለ የትሬዲንግ አስተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ።

አሁን የሂሳብ ሠራተኛ ሕሊናዬ የሚያስገድደኝን ልናገር። ሃያ ግብይት ጥቂት ነው። አንድ ሳንቲም ሃያ ጊዜ ብትወረውሩ፣ ምንም ችሎታ ሳይኖራችሁ፣ 13 ወይም ከዚያ በላይ አንበሳ የሚወጣበት ዕድል ከመቶ 13 ያህል ነው። ስለዚህ 13 ከ20 ማሸነፍ ብቻውን ችሎታ መኖሩን አያረጋግጥም። በሌላ አነጋገር በዚህ ወር 65 በመቶ የታየው የወዳጄ እውነተኛ የማሸነፍ መጠን ከ43 እስከ 82 በመቶ ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። ኤክስፔክታንሲውም እንደዚሁ በሰፊው የሚዋዥቅ ነው። ታዲያ የአንድ ወር ሂሳብ ምን ይጠቅማል? አካሄዱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን በእርግጠኝነት አይፈርድም። ስቶፕ መገፋቱን፣ ትርፍ ቶሎ መቆረጡን፣ ኮሚሽን መረሳቱን ግን ያለ ምንም ጥርጥር ያሳያል፤ እነዚህ የዕድል ጉዳይ አይደሉም፣ በእጁ የተጻፉ ናቸው።

ወዳጄ ለሚቀጥለው ወር ሁለት ዓምዶች ጨመረ። አንዱ ኮሚሽኑ የተቀነሰለት ውጤት ነው፤ ሌላው «ከዕቅዱ ወጥቻለሁ?» የሚል፣ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚጻፍበት። የሳምንት መቶኛ መጻፉን ተወ። እኔ ደግሞ የጠየቀኝን ከለከልኩት፤ መጠኑን እጥፍ አድርጎ የጎደለውን ለመመለስ አስቦ ነበር። ኤክስፔክታንሲው ከዜሮ በታች እያለ መጠን ማሳደግ 165ን ወደ 300 ገደማ ከፍ ማድረግ ነው።

በሁለተኛው ወር 18 ግብይት ዘጋ። 10 አሸነፈ፣ 8 ከሰረ፤ ዊን ሬቱ ከ65 ወደ 56 በመቶ ወረደ። አማካይ ትርፉ ግን ከ53 ወደ 78 ወጣ፣ አማካይ ኪሳራው ከ122 ወደ 102 ወረደ፤ ሁሉም ኮሚሽን ተቀንሶላቸው። 780 ገባ፣ 816 ወጣ፤ 36 ዶላር ከሰረ፣ በአንድ ግብይት 2 ዶላር። በዕቅዱ ዓምድ ላይ ሁለት «አዎ» አሉ፤ ሁለቱም ቶሎ የተሸጡ ድሎች ናቸው። የተገፋ ስቶፕ የለም። ገና አላተረፈም። ሁለቱን ወራት አንድ ላይ ስናሰላ 38 ግብይት፣ 23 ድል፣ በአንድ ግብይት ወደ 5 ዶላር ከ30 ኪሳራ ነው። ባለፈው ሰኞ 39ኛውን መስመር ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ፤ ስቶፑን ጻፈ፣ የሚሸጥበትን ጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ነው የመግዣውን ቁልፍ የነካው።